ግብሩ የት ይገባል? በቀበሌያችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ያክብርልኝ።

እኔ በወረዳችን ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የበጀት ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት ተነስተው እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ «ግብር እንከፍላለን። ትምህርት ቤቱን ደግሞ በመዋጯችን አጠርነው፣ ክፍል ጨመርንለት። ታዲያ ግብሩ የት ነው የሚገባው?» ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። ጥያቄው የሚገባ ነው። የዚያን ቀን በቂ መልስ አላገኛችሁም፤ ዛሬ የመጣሁት ለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ የምትከፍሉት ሁሉ ወደ አንድ ቦታ አይሄድም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የግብር ዓይነቶችን ለፌዴራልና ለክልል ከፋፍሏል። የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የክልል ነው። የግለሰብ ነጋዴ የንግድ ትርፍ ግብርም እንዲሁ። ቤት አከራይቶ የሚከፈለውም የክልል ነው። እነዚህን ነው ወረዳችን እዚሁ የሚሰበስባቸው። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ያለው ቀረጥ ግን ወደ ፌዴራል ይሄዳል። ፌዴራል ደግሞ ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል። ክልሉ ያንን ድጎማ ከራሱ ገቢ ጋር አድርጎ ለወረዳዎች በቀመር ያከፋፍላል። ስለዚህ ከተማ ወርዳችሁ ስልክ ስትገዙ የከፈላችሁት እንኳ ዞሮ ዞሮ በከፊል እዚህ ይደርሳል።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ከዚህ ቀበሌ የሚሰበሰበው ግብር ብቻውን ይህን ትምህርት ቤት አያስተዳድርም። ጤና ጣቢያውንም አያስተዳድርም። የወረዳው በጀት ትልቁ ክፍል ከክልል የሚመጣው ድጎማ ነው። «ታዲያ የኛ ግብር ምን ያደርጋል?» ትሉኛላችሁ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

የወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ሁለት ነገር ይደምራል፤ ከክልል የሚመጣውን ድጎማና ወረዳው ራሱ እሰበስባለሁ ብሎ ያቀደውን ገቢ። ወጪው የሚታቀደው በድምሩ ልክ ነው። ከዚያ ገንዘብ ቀድሞ የሚነሳው ደመወዝ ነው። ትምህርት ቤታችን 18 መምህራን አሉት። ጤና ጣቢያው ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላብራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች አሉት። በየጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ በየወሩ ይከፈላቸዋል። የወረዳችን በጀት አብዛኛው የሚያልቀው በዚህ ነው። ይህ ብክነት አይደለም። መምህር የሌለበት ክፍል ግድግዳ ብቻ ነው፤ አዋላጅ የሌለችበት ማዋለጃ ክፍልም እንደዚያው።

ከደመወዝ የተረፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል። ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀት፣ የአምቡላንስ ነዳጅ፣ የጽዳት ዕቃ፣ የተሰበረ ወንበር ማስጠገኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መንቀሳቀሻ ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው። እንግዲህ ለምሳሌ ወረዳው 20 ሚሊዮን ብር እሰበስባለሁ ብሎ 16 ሚሊዮን ብቻ ቢሰበስብ፣ 4 ሚሊዮኑ ከየት ይቀነሳል? ከመምህሩ ደመወዝ አይቀነስም፤ ሊቀነስም አይገባም። የሚቀነሰው ከሥራ ማስኬጃው ነው። ያን ጊዜ መምህሩ አለ፣ ጠመኔው የለም። አምቡላንሱ ቆሟል፣ ነዳጁ የለም። ምጥ የያዛት እናት ስልክ ተደውሎላት «ነዳጅ አልቋል» ስትባል፣ ያ መልስ የጀመረው ከወራት በፊት ገቢው ሲጎድል ነው። እኔ ይህን በወረቀት ላይ በቁጥር ነው የማየው። እናንተ ግን በሰው ነው የምታዩት። ስለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ።

ጤና ጣቢያውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚምታታበት ነው። ለካርድና ለመድኃኒት የምትከፍሉት ገንዘብ እዚያው ጤና ጣቢያ ይቀራል፤ በቦርዱ ውሳኔ ተመልሶ መድኃኒትና ዕቃ ይገዛበታል። የጤና መድኅን መዋጮ ደግሞ ሌላ ነው፤ ስትታመሙ ለሕክምናው የሚከፍልላችሁ እሱ ነው። የባለሙያዋን ደመወዝ የሚከፍለው ግን በጀቱ ነው። እናት ጤና ጣቢያ ስትወልድ አትከፍልም፤ ልጅ ሲከተብም አይከፈልም። ነጻ ነው እንላለን እንጂ አዋላጇ ደመወዝ አላት። ያ ደመወዝ ከጋራ ገንዘባችን ነው የሚወጣው። ክትባቱን ራሱን ግን ከእናንተ ግብር የተገዛ ነው ብዬ አልነግራችሁም። ክትባት በፌዴራልና በውጭ ድጋፍ ነው የሚመጣው። የእናንተ ድርሻ ክትባቱን እዚህ ድረስ አድርሶ ልጁ ክንድ ላይ የሚወጋው ሰው ነው።

ወደ መዋጮው ልመለስ። የትምህርት ቤቱን አጥርና ሁለቱን ክፍሎች የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። ገንዘብ ያጣው በጉልበቱ፣ በሬ ያለው ድንጋይ በማመላለስ። ያንን ማንም አይወስድባችሁም። ግንባታ ግን አንድ ጊዜ ነው። ክፍሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በየወሩ የሚጠይቀው መምህርና መጽሐፍ ነው፤ በመዋጮ በየወሩ መምህር መቅጠር አይቻልም። ግብር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ደግሞ መዋጮ በፈቃድ ነው። መዋጮ አልከፈለም ተብሎ ልጅ ከትምህርት ቤት መባረር የለበትም። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ንገሩን።

አሁን ከእናንተም ከእኛም የሚጠበቀውን በግልጽ ልናገር።

ከፍላችሁ ደረሰኝ ካልተሰጣችሁ እንደከፈላችሁ አትቁጠሩት። ሰብሳቢው ጎረቤት ይሁን ዘመድ፣ «ደረሰኝ» በሉ። አታፍሩ። ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ብር በጀት ውስጥ አይገባም፤ የት እንደገባ እኔም ልነግራችሁ አልችልም። ነጋዴዎቻችንም እንዲሁ፤ ገበያ ላይ ሙሉ ቀን ሸጦ «ዛሬ ምንም የለም» የሚል ሰው ሸክሙን ያሸከመው በጎን ላለው ታማኝ ነጋዴና ለገበሬው ነው። ይህ ልክ አይደለም።

በሌላ በኩል የተገመተብኝ ግብር ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ሰው አለ። አንዳንዱ እውነቱን ነው። እሱን ዝም ብሎ ማማረር ወይም መደበቅ አያዋጣም። ግምቱ እንደደረሳችሁ ሳትዘገዩ በጽሑፍ ቅሬታ አቅርቡ። መጻፍ ለማይችል የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ እንዲጽፍለት ተነጋግረናል።

እኛ ደግሞ ሒሳቡን ልናሳያችሁ ይገባል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የወረዳው በጀትና የትምህርት ቤቱ ድርሻ በቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ይነበብላችሁ። ለነዳጅ ተብሎ የተያዘው ስንት ነው? ስንቱ ወጣ? ብላችሁ ጠይቁ። የወላጅ መምህር ኅብረት አባላትም ለትምህርት ቤቱ በተማሪው ቁጥር ልክ የሚሰጠው ድጋፍ ምን እንደተገዛበት ለወላጆች በየሴሚስተሩ ይናገሩ። የጤና ጣቢያው ቦርድም እንደዚሁ። ይህን ካላደረግን እናንተን ግብር ክፈሉ ለማለት አፍ የለንም።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። የቀበሌው የዘንድሮ ጥያቄ ለወረዳ የሚቀርበው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምታነሱትን ሐሳብ እጽፋለሁ። የጤና ጣቢያው የውኃ ነገር ነው የሚያስጨንቃችሁ? ወይስ የ1ኛ ክፍል ተማሪዎች መጨናነቅ? ሁለቱን በአንድ ዓመት ማሟላት ይከብዳል፤ የትኛው ይቅደም የሚለውን እናንተ ተነጋግራችሁ ወስኑ። ምጥና ሕመምን የሚያውቁት እናቶች ናቸውና መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ። ከኋላ የተቀመጡት እናቴ፣ እጅዎን አንስተው ነበር፤ ይቀጥሉ።