የእማዬ የሳምንት መድኃኒት ሰሌዳ

እህቴ፣ ይህን ወረቀት ጓዳው በር ላይ የለጠፍኩት ስትወጪም ስትገቢም እንድታዪው ነው። እማዬ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። መድኃኒቱ ብዙ ይመስላል እንጂ የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ጠዋትና ማታ።

ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ስልክሽ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ማንቂያውን 7:00 እና 19:00 ላይ ሞልቼልሻለሁ። ሲጮህ ጠዋት 1 ሰዓት ወይም ማታ 1 ሰዓት ሆኗል ማለት ነው።

በየቀኑ የሚሰጠው

| ሰዓት | መድኃኒት | ብዛት | አሰጣጥ |
|---|---|---|---|
| ጠዋት 1 ሰዓት | ግሊሜፒራይድ 1 ሚ.ግ (የስኳር) | 1 | ቁርሱ ፊቷ ሲቀርብ |
| | ሜትፎርሚን 500 ሚ.ግ (የስኳር) | 1 | በልታ ስትጨርስ |
| | ኢናላፕሪል 10 ሚ.ግ (የግፊት) | 1 | ከሜትፎርሚኑ ጋር |
| ማታ 1 ሰዓት | ሜትፎርሚን 500 ሚ.ግ | 1 | ራት በልታ ስትጨርስ |
| | አምሎዲፒን 5 ሚ.ግ (የግፊት) | 1 | አብሮ |
| | አቶርቫስታቲን 20 ሚ.ግ (የኮሌስትሮል) | 1 | አብሮ |

ቀን ላይ ኪኒን የለም። ምሳ ግን ከ6 ሰዓት ተኩል አይለፍ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢልኝ፦ ምግብ ካልቀረበ ግሊሜፒራይድ አይሰጥም። «በኋላ እበላለሁ» ብትልሽም አትስጫት። አምና አንድ ረቡዕ ኪኒኗን ውጣ፣ ለእኛ ሳትነግር እስከ 9 ሰዓት ጾመች። ስመጣ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እኔን በአክስቴ ስም ትጠራኛለች። ስኳሯ 52 ነበር።

እንዲህ ካየሻት (ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ፣ ድንገት መነጫነጭ) ወዲያው ለኪ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያው ቅርብ ከሌለ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ አጠጫት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ፤ ካልወጣ ያንኑ ያህል ስጫት። ሲስተካከል ምግብ ትብላ፣ ለእኔም ደውዪ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አታድርጊ። በጎኗ አስተኚያትና ባጃጅም ሆነ መኪና የተገኘውን ጠርተሽ ወደ ሆስፒታል ውሰጃት።

ቀን በቀን

ሰኞ። ቁርስ ከመብላቷ በፊት ስኳሯን ለኪ። ጣቷን በውኃና በሳሙና ታጥባ ታድርቅ፤ ማርም ሆነ ሙዝ የነካ ጣት ቁጥሩን ያበላሸዋል። ሐኪሟ የሚፈልገው ከ90 እስከ 150 ነው። ከ300 በላይ ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪልኝ። ቁጥሩን ሰማያዊው ደብተር ላይ ጻፊ።

ማክሰኞ። የግፊት ቀን ነው። ጠዋት ኪኒን ከመስጠትሽ በፊት፣ ቡናም ከመጠጣቷ በፊት ለኪ። 5 ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ ክንዷ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ስትለኪ አታስወሪያት (ይህ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ)። ከ140/90 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። የላይኛው ከ100 በታች ከሆነ የግፊቱን ኪኒን ሳትሰጪ ደውዪልኝ። 180/120 ከደረሰ 5 ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚ። ያው ከሆነ ደውዪ። ደረቷን ካመማት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ ግን እኔን አትጠብቂ፤ ሆስፒታል።

ረቡዕ እና ዓርብ። የጾም ቀን ናቸው፤ ክርክሩም ያለው እዚህ ነው። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው «አንቺ የታመምሽ ነሽ፣ በጠዋት ብዪ፣ ከፍስክ ብቻ ተጠበቂ» ብለዋታል። እሷ ግን ትረሳዋለች፤ ወይም የረሳች ትመስላለች። «አባ ምን አሉ?» ብለሽ ጠይቂያት፤ ከእኔ ምክር ይልቅ ይሄ ይሠራል። ቁርሷ ሽሮ በእንጀራ ወይም የስንዴ ቂጣ በተልባ ይሁን። አሻፈረኝ ካለች ግሊሜፒራይዱንና ሜትፎርሚኑን አስቀሪ፣ ኢናላፕሪሉን በውኃ ስጫትና ደውዪልኝ።

ሐሙስ። እንደ ሰኞ፣ ከቁርስ በፊት ስኳር።

ቅዳሜ። እንደ ማክሰኞ፣ ጠዋት ግፊት። ማታ እግሯን ስታጥቢያት ውኃውን በክርንሽ ሞክሪ። እግሯ ሙቀት አይለይም፤ ክረምት ላይ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ተረከዟ ሲቃጠል አልሰማችውም። በጣቶቿ መሃል አድርቂ፣ የውስጥ እግሯን በባትሪ እዪ። ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ነገር ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቁርጭምጭሚቷ ካበጠም ንገሪኝ፤ አምሎዲፒን እንዲያ ያደርጋል፣ ግን በራስሽ አታቁሚው።

እሑድ። ቅዳሴ ሳትሰማ እህል አትቀምስም፤ እዚህ ላይ አንከራከራት። የጠዋቱ መድኃኒት እስክትመለስ ይቆይ። እንደገባች ቁርስ፣ ከቁርሱ ጋር ኪኒኑ። መንገድ ላይ ብትደክም ብለሽ 4 ከረሜላ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፤ ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን አትሂድ።

ስለ መዋጥ

ኪኒኑን በእጇ ሰጥተሽ አትሂጂ። ስትውጥ እዪ፣ ከዚያ ትንሽ አውሪያት። ባለፈው ነጠላዋን ሳጥብ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። ብር መስሎኝ ስፈታው 5 ሜትፎርሚን ነው። ሆዴን ይጎረብጠኛል ብላ ነው፤ እውነቷን ነው፣ በባዶ ሆድ ይጎረብጣል። ጠግባ ስትውጠው ይቀላታል።

ከተረሳስ? የጠዋቱን እስከ ምሳ ካስታወስሽ ኢናላፕሪሉንና ሜትፎርሚኑን ከምሳ ጋር ስጫት፣ ግሊሜፒራይዱ ለነገ ይቅር። የማታው ከተረሳ ያው ቀረ። ሁለት ቀን የሚሰጠውን በአንዴ መስጠት ፈጽሞ አይቻልም።

ካስመለሳት ወይም ተቅማጥ ከያዛት፣ ሜትፎርሚን፣ ግሊሜፒራይድና ኢናላፕሪል ሳትሰጪ መጀመሪያ ደውዪልኝ።

ጉልበቷን ሲያማት ጎረቤት ዳይክሎፌናክ ያመጣላታል። አትቀበዪ፤ ግፊቷንም ኩላሊቷንም ይጎዳል። ፓራሲታሞል አለ። የሽፈራው ቅጠል ሲያመጡላትም አመስግነሽ ተቀበዪና መደርደሪያው ላይ አስቀምጪው፤ ሐኪሟን ሳንጠይቅ አትጠጣም። ቡናዋ ውስጥ ጨው አታድርጊ። እሷ ታደርጋለች፤ ጨው ማስቀመጫውን ራቅ አድርጊው።

አፏ ከተጣመመ፣ አንድ እጇ ከዛለ ወይም ምላሷ ከተሳሰረ፣ ሰዓቱን እዪና በዚያው ደቂቃ ሆስፒታል ውሰጃት። ጸበሉ ከሆስፒታል በኋላም ይደርሳል።

እሑድ ማታ ሳጥኑን መሙላት

ነጩ ሳጥን የጠዋት፣ ሰማያዊው የማታ ነው። በእያንዳንዱ ቀን ክፍል 3 ኪኒን ይገባል፤ በሁለቱ ሳጥን ድምሩ 42 መሆን አለበት። ካነሰ ወይም ከበለጠ ከመጀመሪያው ቁጠሪ። ከማሸጊያው ላይ ስሙን አንብቢ እንጂ በቀለም አትሂጂ። በኅዳር ከአንድ ፋርማሲ የተገዛው ኢናላፕሪል ሌላ ፋብሪካ የሠራው፣ ቀለሙም የተለየ ነበር። አዲስ መድኃኒት መስሎን አሮጌውንም አዲሱንም ለ3 ቀን ሰጠናት። ስትነሳ አዞራት፤ ደግነቱ አልወደቀችም።

ከማንኛውም ዓይነት የ10 ቀን ብቻ ሲቀር ንገሪኝ፣ የመለኪያው ስትሪፕም ሲያልቅ እንዲሁ። የእኔ ቁጥር ስልክሽ ላይ «የእትዬ ልጅ» ብዬ መዝግቤዋለሁ። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ፣ አነሳለሁ።