አሥረኛዋ ድሪም (የ2 ደቂቃ የልጆች ቪዲዮ ስክሪፕት)

ለሥዕል፦ ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት ይምሰል። ጥቁር፣ ቢጫና የብር ቀለም ይበቃናል። ቤቱን ግን አደራ! የእኛን ሣር ቤት እንዳታደርጉት። ታሪኩ ኢየሱስ የተናገረው ምሳሌ ነው፤ በእሱ ዘመን በእነ ቅፍርናሆም የነበሩት ቤቶች በጥቁር ድንጋይ የተሠሩ ነበሩ። ወለሉም ድንጋይ ይሁን፣ በድንጋዮቹ መሃል ስንጥቅ ይታይ። መስኮቱ ጠባብ ይሁን።

(ስክሪኑ ጨለማ ነው። ድምፅ ብቻ፦ ቅጭል… ቅጭል…)

ተራኪ፦ ልጆች፣ ሰማችሁ? ምን ይመስላችኋል?

(የሴት እጅ ብቻ ይታያል። የብር ሳንቲሞች አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ ትደረድራለች።)

ተራኪ፦ ይህች ሴት አሥር ድሪም አላት። አንድ ድሪም ማለት ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሠርቶ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። ኑ አብረን እንቁጠርላት! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ…

(እጇ ባዶ ጨርቅ ላይ ይቆማል። ሦስት ሰከንድ ዝም። እባካችሁ ሙዚቃ እዚህ ላይ አታስገቡ፣ ልጆቹ ራሳቸው «አሥረኛዋስ?» ይበሉ።)

ሴቲቱ፦ ውይ! አንዷ የት ገባች?

ተራኪ፦ ዘጠኝ አላት እኮ! ትተዋት ይሆን? እስቲ እንያት።

(ክብሪት የለም፣ ያኔ አልነበረም። ከምድጃው ፍም ላይ እሳት ወስዳ የሸክላ መብራቷን ታበራለች። በጨለማው መሃል ቢጫ ክብ ይወጣል፤ ከዚህ በኋላ የምናየው ክቡ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የማሰሮ ሥር፣ የምንጣፍ ጫፍ፣ የተኛች ዶሮ። ዶሮዋ አንድ ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትጨፍናለች።)

ተራኪ፦ መጥረጊያዋን አነሳች። ጠረገች፣ ጠረገች፣ ጥግ ጥጉን ሁሉ ጠረገች። አቧራው አስነጠሳት፣ ወገቧ ደከመ፣ እሷ ግን አልተወችም።

(ተንበርክካ በጣቷ የድንጋዩን ስንጥቅ ትዳብሳለች። ጣቷን በጣም ቀርባችሁ አሳዩ፤ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ገብቷል። ከስንጥቁ ውስጥ አንዲት የብር ነጥብ ብልጭ ትላለች።)

ሴቲቱ፦ አገኘኋት! አገኘኋት!

(በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ብርሃን ቤቱን ይሞላዋል። ወዳጆቿና ጎረቤቶቿ እየሮጡ ይመጣሉ።)

ሴቲቱ፦ ኑ፣ የጠፋችብኝን ድሪም አግኝቻለሁና አብራችሁኝ ደስ ይበላችሁ!

(እልልታ።)

ተራኪ፦ ይህን የነገረን ኢየሱስ ነው። «ከኃጢአተኞች ጋር ለምን ይበላል?» እያሉ ያጉረመረሙበት ሰዎች ነበሩ፣ ለእነሱ ነው የነገራቸው። አንድ ሰው ወደ እግዚአብሔር ሲመለስም መላእክቱ ፊት እንዲህ ያለ ደስታ አለ አላቸው።

(ተራኪዋ ከዚህ በላይ አታብራራ። ልጅ የሴትየዋን ፊት ካየ ይበቃዋል። እልልታው ቀስ እያለ ይርቃል። እንደገና ጨርቁና እጇ፤ ጥፍሯ ውስጥ ያለው አፈር አልታጠበም። ድሪሟን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ባዶው ቦታ ላይ ታስቀምጣታለች። ቅጭል።)

የልጆች ድምፅ፦ አሥር!