ስለ 48,000 ብር ያልተፈታ ክርክር ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የቀረበ አቤቱታ

ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቡሬ፣ ምዕራብ ጎጃም

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃና ትምህርት ዳይሬክቶሬት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከሂሳቤ ተቀንሶ ለተቀባዩ ያልደረሰ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

እኔ ቡሬ ከተማ የምኖር የእህል ነጋዴ ነኝ። የባንኬ ስም፣ የሂሳብ ቁጥሬና ስልኬ ከዚህ ማመልከቻ ጋር በተያያዘው ቅጽ ላይ ተሞልተዋል።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሽንዲ አንድ ገበሬ 12 ኩንታል በቆሎ ገዛሁ። ኩንታሉን በ4,000 ብር ተስማማን። እህሉ መኪና ላይ ተጭኖ እያለ ከቀኑ 9፡20 ላይ በሞባይል ባንኪንግ 48,000 ብር ላኩለት። የእሱ ሂሳብ ያለው ሌላ ባንክ ነው። ገንዘቡ ከእኔ ሂሳብ ወዲያው ተቀነሰ። መልእክቱም ደረሰኝ። እሱ ዘንድ ግን የደረሰ ነገር የለም።

በማግስቱ ቅርንጫፉ ሄድኩ። «ሲስተም ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱ ይመለሳል» አሉኝ። አልተመለሰም። በሳምንቱ ስሄድ «ዋናው መሥሪያ ቤት ልከነዋል» አሉኝ። ጥር 20 ቀን በጽሑፍ አመለከትኩ። ገቢ ሆኖ ማህተም እስኪመታልኝ ድረስ ግማሽ ቀን ቆሜአለሁ። ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ወዳለው ዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። እውነቱን ለመናገር የቅርንጫፉ ልጆች ክፉ አይደሉም። እነሱም እንደኔ ከላይ መልስ የሚጠብቁ ናቸው።

መልሱ የመጣው መጋቢት 2 ቀን ነው። አንድ መስመር ናት፦ «ግብይቱ የተሳካ መሆኑን እንገልጻለን።» ወዴት ተሳካ? ለማን ገባ? ማስረጃ አልተያያዘም።

ገበሬው ደግሞ በበኩሉ ባንኩን ጠይቆ ደብዳቤ አጽፏል። ደብዳቤው በተባለው ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ከእኔ የገባለት ገንዘብ እንደሌለ ይናገራል። የሂሳብ መግለጫውንም ሰጥቶኛል። ሁለቱንም ወስጄ ለባንኬ አስገባሁ። እስከ ዛሬ ድምፅ የለም። ገንዘቡ ከተቀነሰ 98 ቀን ሆነው።

ቁጥር ተሳስቼ እንዳልላክሁ አስቀድሜ ላስረዳ። ከማረጋገጤ በፊት የተቀባዩ ስም ስክሪኑ ላይ ወጥቷል። በኅዳር ወርም በዚሁ ቁጥር 500 ብር ልኬለት ደርሶታል። የዚያ መልእክት ቅጂ ተያይዟል።

እኔን የሚያስገርመኝ ይህ ነው። በሞባይል ከባንክ ባንክ የሚላክ ገንዘብ የግብይት መለያ ቁጥር አለው። የላኪው ባንክ ይመዘግበዋል፣ ባንኮቹን የሚያገናኘው ኢትስዊች ይመዘግበዋል፣ ወደ ተቀባዩ ባንክ ከደረሰ እዚያም ይመዘገባል። ሦስቱ መዝገብ ጎን ለጎን ቢታይ ገንዘቡ የት ላይ እንደቆመ ይታወቃል። እኔ ይህን ማየት አልችልም። ባንኬ ይችላል፣ ግን አላየም፤ ካየም አልነገረኝም።

ገበሬውን በየካቲት በጥሬ ገንዘብ ከፍዬዋለሁ። ከዕቁቤ ወስጄ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን በየገበያው ቀን «አንተ ልጅ፣ በቆሎዬ ሄደ፣ ብሬ የታለ?» ሲለኝ ነበር። በኛ ንግድ ሚዛንና ቃል ከጠፉ የቀረ ነገር የለም። ሰው ፊት ያፈርኩት በ48,000 ብሩ ላይ የተጨመረ ኪሳራ ነው፤ እሱን እንኳ ባንኩ እንዲከፍለኝ አልጠይቅም።

በብሔራዊ ባንኩ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 መሠረት ቅሬታዬን መጀመሪያ ለባንኩ አቅርቤአለሁ። ባንኩ በማስረጃ የተደገፈ ምላሽ ስላልሰጠኝ ወደ እናንተ መጥቻለሁ። ስለዚህ ባንኩ የዚህን ግብይት መዝገብ ከኢትስዊችና ከተቀባዩ ባንክ መዝገብ ጋር አስተያይቶ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ እጠይቃለሁ። ገንዘቡ ለተቀባዩ አለመግባቱ ሲረጋገጥ 48,000 ብሩና የተቆረጠብኝ የአገልግሎት ክፍያ ወደ ሂሳቤ ይመለስልኝ። ገብቷል የሚል ከሆነ ደግሞ ወደ የትኛው ሂሳብና በስንት ሰዓት እንደገባ ማስረጃውን ያቅርብ።

ያያያዝኳቸው የጥር 12ቱ መልእክትና የሂሳብ መግለጫዬ፣ ማህተም ያለበት ማመልከቻዬ፣ የመጋቢት 2ቱ መልስ፣ የተቀባዩ ባንክ ደብዳቤ ከገበሬው የሂሳብ መግለጫ ጋር፣ እንዲሁም የኅዳሩ መልእክት ናቸው። ሁሉም 7 ገጽ ነው። ዋናዎቹ እጄ ላይ አሉ፤ በተጠራሁ ቀን ይዤ እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሙሉቀን አበጀ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ሂሳቤ ላለበት ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት