ስለ እምቦጭ የቤት ሥራው ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ይድረስ ለጂኦግራፊ መምህራችን፣
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። ማክሰኞ ዕለት «እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን ጉዳት ጽፋችሁ አርብ አምጡ» ብለውን ነበር። ርዝመቱንና አጻጻፉን ሳይነግሩን ግን ደወሉ ተደወለና ወጣን። አሁን ክፍሉ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ አንድ ገጽ ይበቃል ይላል፣ ግማሹ አምስት።

እኔ ሦስት ገጽ በእጄ ጽፌያለሁ። አጎቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። መረቡ በአረሙ እየተተበተበ እንዴት እንደሚያስቸግረው ነግሮኛል፤ እሱን ቆርጬ ባወጣው ያሳዝነኛል። ለመሆኑ ስንት ገጽ ይሁን? የእጅ ጽሑፍ ይቀበሉናል ወይስ በኮምፒውተር ይጻፍ? ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ የማስጽፍ ከሆነ ገንዘብም ቀንም ይፈልጋል፤ ከሐሙስ በፊት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ካርታስ መሳል አለብን?

ከአክብሮት ጋር፣
ከ11ኛ ቢ፣ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ዴስክ ላይ የምቀመጠው ተማሪዎ