ሳልማና ሱረያ

ለሚያነቡት፦ ይህ ተረት ከአረብኛ የተመለሰ ነው፤ አገሩ ኦማን ነው። አረቦች ተረት ሲጀምሩ «ካነ ያ ማ ካን» ይላሉ። እንዳለ አስቀርቼዋለሁ፤ ለልጅ ጆሮ ዜማው ከትርጉሙ ይጥማል። «ፈለጅ»ንም አልቀየርኩትም። ከተራራ ሆድ ወደ መንደር የሚወርድ የውሃ ቦይ ነው፤ የግዕዙ «ፈለግ» ዘመዱ ነው። «ፍስስ» የሚለው በመጣ ቁጥር ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። መጨረሻው ላይ ግን በሹክሹክታ ያንብቡት።

ካነ ያ ማ ካን።
ድሮ ድሮ፣ በጣም ድሮ፣
በኦማን አገር፣ ከአረንጓዴው ተራራ ግርጌ፣
አንዲት ትንሽ መንደር ነበረች።

በመንደሯ ውስጥ ሳልማ የምትባል ልጅ ነበረች።
ሳልማ አንድ አያት ነበሯት። ጢማቸው ነጭ፣ ሳቃቸው ቀስ ያለ።
ሳልማ አንዲት የሎሚ ችግኝም ነበረቻት። ራሷ ተክላታለች።
ችግኟ ትንሽ ናት። ቁመቷ እስከ ሳልማ ጉልበት ነው።
ቅጠሎቿ አስራ አንድ ናቸው።
ሳልማ በየቀኑ ትቆጥራቸዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እስከ አስራ አንድ።

በሳልማ መንደር ዝናብ ብዙ አይዘንብም።
ታዲያ ውሃው ከየት ይመጣል?
ከተራራው ሆድ ይመጣል! በፈለጅ ይመጣል።
መጀመሪያ ከመሬት በታች ይሄዳል፣ በጨለማ፣ በጨለማ።
ከዚያ ብቅ ይላል፣ ወደ ብርሃን፣ ወደ ብርሃን።
መጀመሪያ ሰው ይጠጣል።
ከዚያ የቴምር ዛፎች ይጠጣሉ።
ከዚያ ሽንኩርቱ፣ ከዚያ ሳሩ።
ሁሉም በተራ፣ ሁሉም በተራ።

ፍስስ... ፍስስ... ውሃው ይሄዳል።
ቀስ... ቀስ... ሌሊቱ ይሄዳል።

ተራውን ማን ያውቃል?
ቀን ላይ ጥላ ያውቃል። መሬት ላይ አንድ እንጨት ተተክሏል። የእንጨቱ ጥላ እዚህ ሲደርስ የአንዱ ተራ ነው፤ እዚያ ሲደርስ የሌላው።
ሌሊት ላይስ?
ሌሊት ጥላ የለም። ሌሊት ኮከቦች ያውቃሉ።

የሳልማ ቤት ኮከብ ሱረያ ናት።
ሱረያ ብቻዋን አይደለችም። ትንንሽ ኮከቦች ናቸው፤ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው የሚያበሩ።
ሱረያ ከተራራው ጫፍ ብቅ ስትል፣ ውሃው ወደ ሳልማ አትክልት ይዞራል።

አንድ ቀን በጣም ሞቀ። በጣም፣ በጣም ሞቀ።
የሎሚዋ ቅጠሎች ጠውልገው ወደ መሬት አቀረቀሩ።
ሳልማ ጎንበስ ብላ ነካቻቸው። እንደ ትኩስ ወረቀት ነበሩ።
ችግኝ «ጠማኝ» ማለት አትችልም። ሳልማ ግን ገባት።
«አያቴ፣ ዛሬ ከእርስዎ ጋር ሌሊት ልምጣ?»
«እንቅልፍሽስ፣ ሳልምዬ?»
«እንቅልፌ ይጠብቀኛል።»
አያቷ ቀስ ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ነይ» አሏት።

ሌሊት ሆነ። ሁለቱ ከፈለጁ ዳር ተቀመጡ።
ውሃው ወደ ጎረቤት አትክልት ይፈስ ነበር፣ ወደ የራሺድ እናት የቴምር ዛፎች።
የራሺድ እናት አሮጊት ናቸው። ዛፎቻቸውም አሮጌ ናቸው።
ዛፎቹ ይጠጣሉ፤ ቡልቅ... ቡልቅ... ቡልቅ።

አያቷ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ከደን አለ። ገለጥ አለ። ደግሞ ከደን አለ።
«ሳልምዬ፣ ዛሬ አንቺ ዓይኔ ሁኚ። ሱረያ ስትወጣ ቀስቅሺኝ።»
አያቷ ተኙ። ኹርርር... ፑፍ። ኹርርር... ፑፍ።

ሳልማ ተራራውን አየች። ሱረያ የለችም።
ሳልማ ጠበቀች። ሱረያ የለችም።
ኧረ! ደግሞ ደመና መጣ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ሰነፍ ደመና።
መጥቶ በተራራው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ፍስስ... ፍስስ... ውሃው ይሄዳል።
ቀስ... ቀስ... ሌሊቱ ይሄዳል።

ሳልማ የሎሚዋን ችግኝ አሰበች።
ቦዩን የዘጋው አንድ ድንጋይ ነው። በዳርና ዳሩ አሮጌ ጨርቅ ተጠቅጥቋል።
ድንጋዩን ብትገፋው ውሃው ወደ ሎሚዋ ይመጣል።
አያቷ ተኝተዋል። የራሺድ እናትም ተኝተዋል። ሰማዩ ተሸፍኗል።
ማንም አያይም።

ሳልማ እጇን ድንጋዩ ላይ አደረገች።
ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። ጨርቁ ርጥብ ነው። ከጣቶቿ በታች ውሃው ይንቀጠቀጣል።
ከዚያ ማዶ ድምፅ ሰማች።
ቡልቅ... ቡልቅ... ቡልቅ።
አሮጌዎቹ ዛፎች ገና እየጠጡ ነበር።

«እነሱም ጠምቷቸዋል» አለች ሳልማ።
እጇን አነሳች። በቀሚሷ ጠረገችው።
ከዚያ ሄደች፣ ቱስ ቱስ ቱስ፣ በባዶ እግሯ፣ እስከ ሎሚዋ ድረስ።
አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ቅጠሎቿን በእጇ ሸፈነች።
«ትንሽ ቆዪ፣ ሎሚዬ» አለቻት። «እኔም እየቆየሁ ነው።»

ሁለቱ ቆዩ።
ቆዩ፣
ቆዩ፣
ቆዩ።

ከዚያ ነፋስ መጣ። እሺ እያለ የሚሄድ፣ ለስላሳ ነፋስ።
ደመናውን ገፋ አደረገው። ደግሞ ገፋ አደረገው።
ሰነፉ ደመና ተነሳ፣ ሄደ።
ከተራራው ጫፍ በላይ...
አንድ ብልጭ! ሁለት ብልጭ! ሦስት ብልጭ!
እንደ ወይን ዘለላ፣ እንደ ወይን ዘለላ!
«አያቴ! አያቴ! ሱረያ!»

አያቷ ብድግ አሉ። ሰማዩን አዩ። ሳልማን አዩ።
«አንቺ ነሽ የምትከፍቺው» አሏት።
ሳልማ ጨርቁን ሳበች። ድንጋዩን ገፋች። እ... እ... እ... ኧሽ!
አያቷ ደግሞ የጎረቤቱን በር በሌላ ድንጋይ ዘጉ።
ውሃው ቆም አለ። ወዴት ልሂድ? እንደሚል ሆነ።
ከዚያ ዞረ!
በቦዩ መጣ፣ በጭቃው መጣ፣ የደረቀ ቅጠል ተሸክሞ መጣ፣
ሳልማን በእግሮቿ ጣቶች መሃል እየኮረኮራት አለፈ፣
ሎሚዋ ሥር ደረሰ።

ቡልቅ... ቡልቅ... ቡልቅ።

ሳልማ ከአያቷ ጎን ተቀመጠች። ራሷን ትከሻቸው ላይ አደረገች።
የአያቷ ልብስ የዕጣን ሽታ አለው።
«ሎሚዬ ጠጣች?» አለች።
«እየጠጣች ነው።»
«የራሺድ እናት ዛፎችስ?»
«እነሱማ ጠግበው ተኝተዋል።»
«ሱረያስ?»
«ሱረያ ነቅታለች። እሷ አለች፤ አንቺ ተኚ።»

ሳልማ ዓይኗን ጨፈነች። በጨለማው ውስጥ የሎሚዋን ቅጠሎች ቆጠረች።
አንድ... ሁለት... ሦስት...
አራት... አምስት...
ስድስት...
ሰባት...
ስም...

ፍስስ... ፍስስ... ውሃው ይሄዳል።
ቀስ... ቀስ... ሌሊቱ ይሄዳል።
ፍስስ...
ቀስ...