የልብ ድካም ካርታ፦ ከአልጋ 7 ተነስቶ

ይህን ካርታ ለነገ ጠዋት ራውንድ ያዘጋጀሁት ነው። አልጋ 7 ላይ ያሉት አባት 58 ዓመታቸው ነው። ለዓመታት ደም ግፊት አለባቸው፤ ሲሻላቸው መድኃኒቱን ያቆሙት ነበር። በኢኮ ሲታይ የግራ ልባቸው በአንድ ምት የሚረጨው ከያዘው ደም 30 በመቶውን ብቻ ነው። ወረቀት አውጡና አብረን እንሳል።

መሃል ላይ «ልብ የሚረጨው ደም አነሰ» ብላችሁ ክበቡት። ከበላዩ «ደም ግፊት → ጡንቻው ወፈረ → ተለጠጠ፣ ዛለ» ብላችሁ አገናኙት።

ከክቡ ወደ ፊት የሚሄደው ቀስት አጭር ነው፦ ለጡንቻና ለቆዳ የሚደርሰው ደም ያንሳል → ድካም፣ የቀዘቀዘ እጅ።

ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ነው። ደም ከግራ ልብ ጀርባ ይከማቻል → በሳንባ ደም ስሮች ግፊት ይጨምራል → ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይሰርጋል → ትንፋሽ ማጠር፣ በማዳመጫ የሚሰማ ክርክርታ። እሳቸው «ሦስት ትራስ ካልደረብኩ አልተኛም» ብለውኛል። ጋደም ሲሉ በእግርና በሆድ የነበረው ደም ወደ ደረት ስለሚመለስ ነው። ይህን ምክንያት ቀስቱ ላይ ጻፉት። ግፊቱ ቀኝ ልብን ሲያደክም ደግሞ የአንገት ደም ስር ይወጠራል፣ ጉበት ያብጣል። ቅልጥማቸውን በአውራ ጣት ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም።

አሁን ቀይ እስክሪብቶ አንሱ። የካርታው ልብ እዚህ ነው። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲያንስ ሰውነቱ ውሃ ያጠረው ይመስለዋል። ሬኒን → አንጂዮቴንሲን 2 → ደም ስር ይጠባል፤ አልዶስቴሮንም ጨውና ውሃ ያስቀራል። ሲምፓቴቲክ ነርቭ በበኩሉ ልብን ያስሮጣል። ለጊዜው ግፊቱን ይደግፋል። ግን የዛለው ልብ በጠበበ ስር ላይ፣ በበዛ ደም፣ ያለ እረፍት ይገፋል። ቀስቱን ወደ መሃሉ ክብ መልሱት። እግር ላይ ላለው እብጠትም ከዚህ ሁለተኛ ቀስት አውጡለት፤ ብዙዎቻችን ቀኝ ልብን ብቻ ጽፈን እናልፋለን።

መድኃኒቶቹን በዝርዝር ሳይሆን በሚቆርጡት ቀስት ላይ ጻፏቸው። ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን 2 እንዳይፈጠር ያደርጋል፤ ብራዲካይኒን ስለሚያከማች ደረቅ ሳል ያመጣል። ስፓይሮኖላክቶን አልዶስቴሮንን ይከለክላል። ሁለቱ ሲደረቡ በደም ውስጥ ፖታሲየም ይጨምራልና «ፖታሲየም፣ ክሪያቲኒን» ብላችሁ አስምሩበት። ካርቬዲሎል የሲምፓቴቲኩን ቀስት ይቆርጣል፤ ግን ሳንባቸው በውሃ ተሞልቶ እያለ አይጀመርም፤ መጀመሪያ ይድረቁ፣ ከዚያ በትንሽ ዶዝ። ዳፓግሊፍሎዚን የስኳር በሽታ በሌለበትም ይረዳል፤ ጨውና ስኳር በሽንት ያስወጣል፣ ጥቅሙ ግን ከዚያም ያልፋል።

ላዚክስን ከቀዩ ዙር ውጭ፣ «ውሃ» የሚለው ላይ ብቻ አድርጉት። ትናንት ማታ በደም ስር ተሰጥቷቸው ዛሬ በሁለት ትራስ ተኝተዋል። ዙሩ ግን ገና አልተቆረጠም፤ ነገ ራውንድ ላይ የምንጠየቀውም ኢናላፕሪሉ ለምን እስካሁን እንዳልተጀመረ ነው። የጠዋቱን ፖታሲየም ይዛችሁ ኑ።