ከስልክ ስክሪን የተገለበጠ የቡድን ውይይት

ቡድን፦ የመጽሔት እርማት፣ 4 አባላት
(የመጀመሪያው መልእክት አናቱ ከምስሉ ውጭ ቀርቷል። በቅንፍ ያለው ሁሉ የገልባጩ ነው።)

ሄለን፣ 14:02
…ስለዚህ ሽፋኑን አትንኩት።

ዳዊት፣ 14:05
ገጽ 17 እና 18 ቦታ ተለዋውጠዋል። ያየ ሰው አለ?

ጋሽ መኮንን፣ 14:05
እኔስ ጥፋቱ የዓይኔ እንጂ የወረቀቱ አልመሰለኝም ነበር።

ሄለን፣ 14:06
ይህ መልእክት ተሰርዟል

ዳዊት፣ 14:06
ምን ጽፈሽ ነው ያጠፋሽው?

ሄለን፣ 14:09፣ ተስተካክሏል
(ለዳዊት የ14:05 መልእክት የተሰጠ መልስ)
ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት ማታ ፋይሎቹን ስሰይም ቁጥሮቹን አቀያይሬያለሁ። አሁን አስተካክዬ እልካለሁ።

ጋሽ መኮንን፣ 14:09
አይዞሽ ልጄ። ማተሚያ ቤት ሳይገባ መገኘቱ ተመስገን ነው።

ሄለን፣ 14:31
እርማት_3.pdf

እኔ፣ 14:32 ✓✓
(በስተቀኝ ያለው የስልኩ ባለቤት ነው፤ ስም አይታይም)
ደርሶኛል። ገጽ 18 ላይ አንድ ቦታ «ዝናም»፣ ሌላ ቦታ «ዝናብ» ይላል። አንዱን ምረጡ።

ዳዊት፣ 14:33
ዝናብ ይሁን። ሄለን እባክሽ አስተካክይልልን (ሁለቱ «ል» እንዳለ ነው፤ አላረምኩትም)

ሄለን፣ 14:33
👍

(ከታች በግራጫ ፊደል፣ ሰዓት የለውም)
ጋሽ መኮንን እየጻፈ ነው…